ሐዋሳ ወይስ አርባ ምንጭ፦ የምግብና የመዝናኛ የቀን ወጪውን እኩል አድርጌ ያነጻጸርኩበት መንገድ

እኛ ቤት ሽርሽር ሲነሳ አንዱ "አርባ ምንጭ እኮ ዓሳው ርካሽ ነው" ይላል ሌላው "ሐዋሳ ይሻላል፣ ሁሉም ነገር ቅርብ ነው" ይላል፣ ከዛ በቃ ክርክሩ እዛው ይቀራል። ለልጆቹ የግማሽ ዓመት እረፍት 4 ቀን ስናገኝ ግን ባለቤቴ "እስኪ በቁጥር አሳዪኝ" አለኝና ቁጭ ብዬ ሰራሁት። መኝታና መንገድ ለብቻው ነው ያስቀመጥኩት፣ እነሱ አንዴ ደውለሽ የምታውቂያቸው ናቸው፣ ሰው የሚሸወደው በየቀኑ ከኪስ በሚወጣው ላይ ነው፣ ማለትም ምግብ፣ መጠጥ፣ ጀልባ፣ ባጃጅ ምናምን። እዚህ የምጽፋቸው ዋጋዎች እኔ ስደውል የተነገሩኝ ናቸው፣ ለሂሳብ እንዲመች አጠጋግቻቸዋለሁ፣ እናንተ የራሳችሁን ደውላችሁ አስገቡ፣ ዋናው አሰራሩ ነው።

መጀመሪያ ያደረግኩት ዋጋ መጠየቅ ሳይሆን የእኛን ቤተሰብ አንድ ቀን መጻፍ ነው። እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆች ነን፣ ልጆቹ አንድ ሳህን ተካፍለው ስለሚበሉ ምሳ 3 ሳህን፣ እራት 3 ሳህን፣ ሁለት ትልልቅ ውሃ፣ ለልጆች ጁስ፣ ለኛ ጠዋትና ከሰዓት ቡና። ቁርስ በሁለቱም ቦታ ከመኝታው ጋር ስለሆነ አወጣሁት (ለልጆቹም ጭምር መሆኑን ጠይቁ፣ አንዳንድ ሆቴል ቁርሱን ለሁለት ሰው ብቻ ነው የሚያስበው)። ይሄን የቀን ዝርዝር ሳልነካ ነው ሁለቱም ከተማ ላይ ዋጋ የሞላሁት። ባለቤቴ ረቡዕና አርብ ስለሚጾም በሁለቱም ጉዞ ላይ እኩል የጾም ቀን እንዲኖር ከሐሙስ እስከ እሁድ ብዬ ያዝኩ። በያይነቱና ዓሳ ጥብስ ዋጋቸው የሰማይና የምድር ስለሆነ አንዱ ጉዞ ላይ ሁለት የጾም ቀን፣ ሌላው ላይ አንድ ከሆነ ከተማው ሳይሆን ቀኑ ነው ርካሽ የሚሆነው።

ዋጋ አሰባሰቡ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ደውላችሁ "ምግብ ስንት ነው?" ካላችሁ የሚነገራችሁ ሜኑው ላይ ካለው ትንሹ ዋጋ ነው። እኔ የጠየቅኩት "እህቴ፣ ቤተሰብ ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያዘው ምንድነው፣ እሱስ ስንት ነው?" ብዬ ነው። ቀጥዬ "ቫትና ሰርቪስ ገብቶበታል?" እላለሁ። ይቺ ጥያቄ ቀላል እንዳትመስላችሁ። ከፍ ያሉ ሆቴሎችና ሎጆች ብዙ ጊዜ ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ላይ መጀመሪያ 10 ፐርሰንት ሰርቪስ ይጨምራሉ፣ ከዛ በድምሩ ላይ 15 ፐርሰንት ቫት ይመጣል፣ ስለዚህ 100 ብር ያላችሁት ሳህን ደረሰኙ ላይ 126 ብር ከ50 ይሆናል። ከተማ ውስጥ ያሉ መካከለኛ ምግብ ቤቶች ግን አብዛኞቹ የሚነግሯችሁ የሚከፈለውን ነው። የሎጅ ሜኑ ፎቶና የከተማ ምግብ ቤት ዋጋ ጎን ለጎን አድርጎ ማወዳደር ስለዚህ አይሰራም። ቴሌግራም ላይ የሚዞር የሜኑ ፎቶ ካገኛችሁም መቼ እንደተነሳ እዩ፣ የስድስት ወር ፎቶ አሁን ባለው የዋጋ ሁኔታ ምንም አይነግራችሁም። ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ በቅርቡ ሄዶ ከመጣ ሰው ደረሰኝ ማየት ነው፣ ደረሰኝ ላይ ውሃውም ቡናውም ቫቱም አለ።

አሁን ቁጥሩ። ሐዋሳ ከተማ ውስጥ ለምሳ አንድ ሳህን ዓሳ 400 ብር፣ አርባ ምንጭ ከተማ 350። እዚህ ላይ ብናቆም አርባ ምንጭ አሸነፈ ብለን ሻንጣ እናዘጋጅ ነበር። ግን የቀኑን ዝርዝር ሞላሁት። ሐዋሳ ምሳ ከተማ ውስጥ 1,200፣ እራት ሆቴል 3 ሳህን በ600፣ ከሰርቪስና ቫት ጋር 2,277፣ መጠጥና ቡና 600፣ ድምሩ ወደ 4,080 ብር በቀን። አርባ ምንጭ ላይ ያየነው ሎጅ ደግሞ ላይ ሴቻ በኩል አፋፉ ላይ ነው ያለው፣ አባያና ጫሞ ከነጫካው ከታች የሚታዩበት፣ እይታው ልብ ይሰርቃል። ርካሹ ምሳ ግን ያለው ታች ከተማ ነው፣ ሲቀላ ወርዶ ለመብላት ባጃጅ ወይ መኪና ያስፈልጋል፣ ልጆች ይዞ በዛ ሙቀት ሁሌ የሚደረግ አይደለም። ስለዚህ ከ4ቱ ቀን ሁለቱን ብቻ ምሳ ከተማ፣ ሁለቱን ሎጅ፣ እራት ደግሞ አራቱንም ቀን ሎጅ ብዬ ያዝኩ። የሎጁ ሳህን 650 ነው፣ ከነጭማሪው 3 ሳህን ወደ 2,470 ይመጣል፣ መጠጡም ሎጅ ስለሆነ 800። አማካዩ በቀን ወደ 5,025 ብር ሆነ። ዓሳው በ50 ብር የረከሰበት ከተማ ቀኑ ወደ 950 ብር ተወደደ ማለት ነው፣ ምክንያቱ ደግሞ ከተማው ሳይሆን የምታድሩበት ቦታ ከከተማው ያለው ርቀት ነው።

መዝናኛው ላይ ልዩነቱ ይሰፋል፣ ስህተት የሚሰራውም እዚህ ጋር ነው። ምግብ በሰው ነው የሚቆጠረው፣ ጀልባና መኪና ግን በጀልባና በመኪና ነው፣ ሁለት ሰው ሆናችሁም ሰባት ሰው ሆናችሁም ያው ነው። ጫሞ ላይ የአዞ ገበያ የሚባለውን አዞዎቹ የሚሰበሰቡበትን ዳርቻ ለማየት ጀልባው ለብቻው 5,000፣ መግቢያና አስጎብኚ ለአራታችን 1,500፣ ከሎጁ እስከ ጀልባው ደርሶ መልስ ኮንትራት መኪና 2,000፣ በጠቅላላ 8,500። ሰዎች ስትጠይቋቸው የሚነግሯችሁ የጀልባውን ብቻ ነው፣ መኪናውን ማንም አያነሳም። ዶርዜ ደግሞ መኪና 3,500፣ የመንደሩ መግቢያና አስጎብኚ 1,200፣ 4,700። የሁለቱ ድምር 13,200፣ ለ4 ቀን ሲካፈል በቀን 3,300 ብር። ሐዋሳ ላይ ጉማሬ ለማየት የሚወጣው ጀልባ 1,500፣ ታቦር ተራራ በእግር፣ አሞራ ገደል የዓሳ ገበያ ጠዋት ሄዶ ማየት ደግሞ ከጀልባው አንጻር ያን ያህል ወጪ ስለሌለው አልደመርኩትም። ግን ሐዋሳ ላይ ዜሮ ብላችሁ እንዳትጽፉ። ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ሲኬድ ለውዝ፣ ቡና፣ ለልጆች አይስክሬም፣ ፎቶ አንሺ፣ መመለሻ ባጃጅ አለ፣ እሱን በቀን 700 ብዬ ያዝኩት። ድምሩ 4,300፣ በቀን 1,075።

ሁሉም ተደምሮ ሐዋሳ በቀን ወደ 5,155፣ አርባ ምንጭ ወደ 8,325። ልዩነቱ በቀን 3,170፣ በ4 ቀን ከ12,000 ብር በላይ።

ይሄን ለባለቤቴ ሳሳየው ወዲያው "እንግዲያው ሎጁን ትተን ሲቀላ ሆቴል እንያዝና ወንድሜም ከነቤተሰቡ ይምጣ፣ ጀልባና መኪናውን እንካፈላለን" አለ። ጥሩ ሀሳብ ነው፣ አርባ ምንጭ ምግቡ ሁሉም ከተማ ውስጥ ሆኖ፣ መጠጡም እንደ ሐዋሳው 600 ተይዞ በቀን 2,700፣ መዝናኛው ደግሞ ጀልባና መኪና ለሁለት ሲካፈል በቀን ወደ 1,990 ይወርዳል፣ ድምሩ 4,690። እሱም "ይኸው ከሐዋሳ ረከሰ" አለ። እኔ ግን አልተስማማሁም፣ ምክንያቱም አንዱን ከተማ በርካሽ አኗኗር፣ ሌላውን በሆቴል እራት እያወዳደርን ነው። ሐዋሳንም በዛው መንገድ ሰራሁት፣ እራቱም ከተማ ውስጥ፣ ጀልባውም ለሁለት ቤተሰብ፣ በቀን ወደ 3,890 መጣ። ስለዚህ ሐዋሳ አሁንም ይረክሳል፣ ልዩነቱ ግን ከ3,170 ወደ 800 ብር ወረደ። ለኔ ከሁሉም የጠቀመኝ ይቺ ቁጥር ናት፣ የአርባ ምንጭ ውድነት አብዛኛው የሎጁና ብቻችንን የመሄዳችን እንጂ የከተማው እንዳልሆነ አሳየችኝ። አንዱ ጎን ላይ የሆነ ነገር ስትቀንሱ ሌላው ጎን ላይም ያንኑ ቀንሱ፣ አለበለዚያ የፈለጋችሁትን ከተማ ማሸነፍ ታስችሉታላችሁ።

የቀን አማካዩ ራሱ ደግሞ በቀኑ ብዛት ይቀያየራል። የጫሞና የዶርዜ 13,200 ብር ሁለት ቀን ብንቆይም ያው ነው፣ ያኔ በቀን 6,600 ይሆናል። ስለዚህ ሐዋሳን ለሁለት ቀን፣ አርባ ምንጭን ለአምስት ቀን የምታስቡ ከሆነ የቀን ዋጋቸውን ሳይሆን ጠቅላላውን አስቀምጡ፣ ስለቀን ዋጋ ማውራት የሚቻለው ቀኑ እኩል ሲሆን ነው። ሌላው ከውጭ የሚመጣ ዘመድ አብሯችሁ ካለ መግቢያውን ለብቻው ጠይቁ፣ ፓርኮች ለውጭ ዜጋና ለኢትዮጵያዊ የተለያየ ዋጋ ነው የሚያስከፍሉት፣ የውጭ ፓስፖርት የያዘ የአክስት ልጅ አንድ ረድፍ ሙሉ ይቀይራል።

በመጨረሻ ከወንድሙ ቤተሰብ ጋር አርባ ምንጭ ሄድን፣ በቀን 800 ብር ለአዞና ለዶርዜ ይገባዋል ብለን ተስማማን። እዛ እያለን ማታ ማታ የወጣውን በምግብ፣ በመጠጥ፣ በመዝናኛና በመኪና ከፍዬ ስልኬ ላይ እጽፍ ነበር። ምግቡ ከግምቱ ብዙም አልራቀም፣ ዶርዜ ላይ እንደውም ቆጮው ከማርና ከዳጣ ጋር ቀርቦ ልጆቹ ስለጠገቡ የዛን ቀን ምሳ ከዝርዝሩ ወጣ። ከግምቱ ያለፈው መጠጥ ነው። አርባ ምንጭ ከሐዋሳ ዝቅ ያለች ቆላ ናት፣ ከሰዓት ላይ ሁለቱ ትልልቅ ውሃዎች ሳይታወቅ ያልቃሉ፣ የማንጎ ጁሱም በየቦታው ይጠራል። የምትሄዱት ቆላ ከሆነ የመጠጡን ረድፍ እጥፍ አድርጋችሁ ያዙ፣ ውሃውንም ከተማ ካለ ሱቅ በካርቶን ገዝታችሁ መኪና ውስጥ አስቀምጡት።