ቀለም ቀለምን አያነሣም፦ ፀጉሬን ከጥቁር ወደ ቡናማ የወሰድኩበት መንገድ

ለዓመታት ሽበቴን ቤቴ ውስጥ በጥቁር ቀለም ስሸፍን ኖሬአለሁ፤ አሁንም ትክክል ነበርኩ እላለሁ። የሚፈለገው የተፈጥሮውን መልክ መመለስ ወይም በትንሹ ማጥቆር ከሆነ ለሳሎን ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ከ48 ሰዓት በፊት ከጆሮ ጀርባ ትንሽ ቀለም ቀብቶ ቆዳ መቆጣት አለመቆጣቱን ማየት፣ ጓንት ማድረግ፣ ሰዓት መጠበቅ፤ ከዚህ የሚበልጥ ሥራ የለውም። በአንዳንድ ማሸጊያዎች ላይ «በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች እስከ ጫፍ አበጥሩት» የሚለውን መመሪያ ግን አልቀበልም። ጫፉ ቀድሞ የተቀባ ነው፤ በየጊዜው ሲደረብበት ይጠቁራል፣ ይፈዛል፣ በኋላ ለማንሣትም ያስቸግራል። አዲስ የበቀለውን ብቻ ቀቡ።

ነገሩ የከበደው ቡናማ ፀጉር ባማረኝ ጊዜ ነው። በጥቁር ቀለም ላይ ቡናማ ቀለም ቢቀባ ቡናማ አይሆንም፤ የፀጉር ቀለም ቀድሞ የተቀባን ቀለም አያነሣም። የሚያነሣው ብሊች ነው፤ ዓመታት የተደራረበ ጥቁር ላይ ብሊች ማድረግ ደግሞ የባለሙያ ሥራ ነው። ስለዚህ ሳሎን ሄድኩ።

ባለሙያዋ በስልኬ ያሳየኋትን ፎቶ አይታ ዋጋ ነገረችኝ። ለዓመታት ጥቁር ስቀባ እንደኖርኩ ነገርኳት። «ችግር የለውም፣ ይነሣል» ብላ ማደባለቅ ጀመረች። በምን ዓይነት ቀለም፣ ለስንት ጊዜ፣ እስከ የት ድረስ ብላ አልጠየቀችም። ከራስ ቅሌ አጠገብ ያለው ያልተቀባ ፀጉር፣ የጭንቅላት ሙቀትም ስለሚያግዘው፣ ወዲያው ወደ ብርቱካንማ ቢጫ ሄደ። መካከሉ የሸክላ ቀይ ሆነ። ጫፉ፣ ቀለም የተደራረበበት፣ ከጥቁር ፈቀቅ አላለም። አንድ ፀጉር ላይ ሦስት መልክ! የወጣልኝን ለማስተካከል ሌላ ብሊችና ከብሊች በኋላ የሚቀረውን ቢጫና ቀይ የሚያለዝብ ቶነር ያስፈልጋል ተባለ፤ ለዚያም ተጨማሪ ክፍያ ተጠየቅሁ። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ክፍያው ብቻ አይደለም። ከማጅራት በኩል ጥቂት ክር ቆርጦ ብሊች መቀባትና መጠበቅ ይህን ሁሉ አስቀድሞ ያሳይ ነበር፤ የሚወስደውም አንድ ሰዓት የማይሞላ ጊዜ ነው።

ያረመልኝ ሌላ ባለሙያ ፀጉሬን ከመንካቱ በፊት ብዙ ጠየቀ። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፤ 40 ሴንቲ ሜትር ፀጉር ያለው ሰው ከሦስት ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ ጭንቅላቱ ላይ ተሸክሟል። ስለዚህ ያለፈው ወር ብቻ ሳይሆን ያን ሁሉ ዘመን ጠየቀኝ። ሒና ተጠቅሜ እንደሆነም አጣራ፤ በአንዳንድ የሒና ድብልቆች ውስጥ የሚጨመር የብረት ጨው ከብሊችና ከቀለም ጋር ከሚደባለቀው ፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ፀጉሩን እስከማቃጠል ሊሞቅ ይችላል። በኬሚካል አለስልሼ እንደሆነ፣ ቀለም አሳክኮኝ ያውቅ እንደሆነም ጠየቀ። ከዚያ አንድ ክር አርሶ በቀስታ ሳበው፤ ተለጥጦ ካልተመለሰ ብሊች ሊነካው አይገባም አለኝ። ክር ቆርጦ ከሞከረ በኋላም ያሳየሁት ፎቶ በአንድ ቀን እንደማይደረስበት፣ በየመካከሉ የሳምንታት ዕረፍት እንደሚያስፈልግና መካከለኛ ቡናማ ላይ ማቆሙ እንደሚሻል በግልጽ ነገረኝ። ምክክር ማለት ይህ ነው። «አይሆንም» የሚባል ነገር የሌለበት ምክክር ሽያጭ ነው።

የመጀመሪያዋ ዋጋ ሲጠራ ርካሽ ነበር። ፀጉር ሳይነካ የሚነገር ዋጋ ግን ማጥመጃ ነው። ስንት ቀጠሮ እንደሚወስድ፣ ቶነሩ፣ እጥበቱና ማድረቁ በውስጡ እንዳሉ፣ ፀጉሩ ወፍራም ሆኖ ተጨማሪ ቀለም ቢፈልግ ማን እንደሚከፍል ጠይቁና ከመጀመሩ በፊት አስጽፉት። ከዚያ ሒሳቡን በዓመት አስሉት። ሥሩን በየ4 ሳምንቱ ማስነካት የሚጠይቅ ቀለም በዓመት 13 ክፍያ ነው። ከሥር ሳይጀምር በቀጫጭን ክሮች የሚሠራው ለአንድ ጊዜ ሦስት እጥፍ ቢያስከፍልም በየ4 ወሩ ከሆነ በዓመት 3 ጊዜ ነው፤ ተባዝቶ 9 ክፍያ። በቀጠሮው ቀን ውድ የመሰለው በዓመቱ ረከሰ ማለት ነው።

ሲጨርሱ የተጠቀሙበትን የቀለም ቁጥርና የፐርኦክሳይድ መጠን በወረቀት ጠይቁ። እኔ የሥሩን ሽበት ዛሬም ቤቴ የምሸፍነው በዚያ ወረቀት ነው፤ ቁጥሩን የሚደብቅ ሳሎን ግን ሁለተኛ አልሄድበትም።