ካርዱ ላይ ያልጻፍኩት መጠን

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የተመላላሽ ክፍል ስሠራ ያጋጠመኝ ነው፤ ዛሬም ሳስታውሰው ይቆጨኛል። መጋላ ገበያ ልብስ የምትሰፋ የ24 ዓመት ወጣት ጉሮሮዋን አሟት መጣች። ቶንሲሏ አብጦ ቀልቶ ነበር፤ ከመንጋጋዋ ሥር በግራም በቀኝም ያሉት ዕጢዎች ለስላሳ ሆነው ሲነኩ ያሟታል። በግራ አንገቷ ዝቅ ብሎ ሌላ እብጠት ነበር፤ እኔ ግን ሁሉንም በአንድ ጠቅልዬ ካርዷ ላይ «የአንገት ዕጢ አለ» ብዬ ጻፍኩና አሞክሳሲሊን አዘዝኩላት።

ጉሮሮዋ በሳምንቱ ዳነ፤ ከመንጋጋዋ ሥር የነበሩትም ጠፉ። የታችኛው ግን ስላልጠፋ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰች። ያያት ባልደረባዬ፣ ካርዱ የእብጠቱን ቦታም ሆነ መጠን ስለማይናገር፣ የቶንሲሉ ርዝራዥ መስሎት ሁለተኛ ዙር አንቲባዮቲክ ሰጣት።

ሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ብዙ ዘመን ያገለገሉ አንዲት ሲስተር አብረውኝ ነበሩ።

«ልጄ፣ ስነካው ያምሻል?»

«ኧረ አያመኝም፣ ሲስተር።»

«ከጉሮሮሽ በፊት ነው የወጣው ወይስ በኋላ?»

«እሱማ በፊት ነው። የሻሼ ቋጠሮ ይነካው ከጀመረ ቆይቷል። የጠየቃችሁኝ ስለ ጉሮሮዬ ስለሆነ ዝም አልኩ።»

ሌሊት ያልባት እንደሆነ ሲጠይቋት «ድሬ የማያልበው ማን አለ?» አለች። ሲስተር እዚህ ላይ አልተዉአትም፤ አብራት የምትተኛው እህቷ ደረቅ ሆና እሷ ብቻ ልብስ የምትቀይር እንደሆነ ጠየቋት። እንደዚያ ነበር። ቀሚሷንም በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ አጥብባው ኖሯል።

በማስመሪያ ለካነው፤ 3 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ሁለት ሦስት ዕጢዎች እርስ በርስ ተጣብቀው እንደ አንድ ሆነዋል። እንዲህ ያለ ንፍፊት የዕጢ ቲቢም፣ የዕጢ ካንሰርም ሊሆን ስለሚችል፣ በእጅ ዳሰሳ ብቻ አይለይም። ወደ ሆስፒታል ላክናት፤ በመርፌ የተወሰደው ናሙና አይብ የመሰለ መግል ነበር፣ የጂን ኤክስፐርት ምርመራውም ቲቢ መሆኑን አረጋገጠ። የ6 ወር መድኃኒቷን ጀመረች።

በሁለተኛው ወር መድኃኒቱ አልሠራም ብላ ተደናግጣ መጣች፤ እብጠቱ 4 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ነበር። ትኩሳቱና ላቡ ግን ጠፍተው ክብደቷ ጨምሯል፤ መድኃኒቷንም አንድ ቀን አላጓደለችም። ባክቴሪያው እየሞተም ቢሆን ሰውነት ለቅሪቱ በሚሰጠው ምላሽ ዕጢው ለጊዜው ሊያብጥ እንደሚችል አስረዳኋት። ሐኪሙም አይቷት ሕክምናው እንዲቀጥል ወሰነ። በስድስተኛው ወር ራሴ ለክቼ ካርዷ ላይ «በግራ አንገት ዝቅ ብሎ፣ 1 ሴንቲ ሜትር፣ የማያም» ብዬ ጻፍኩ።