አፕዴት ማስቆም ቀላል ነው፤ ጉዱ የገባውን ማስወጣት ላይ ነው

ጉግል ፕሌይ ላይ አፕዴት በደረጃ ስትለቁ «Halt rollout» የሚል ቁልፍ አለ። እሱን ስትጫኑ አፕዴቱ ለአዲስ ሰው መድረሱ ይቆማል። እስከዚያ የደረሳቸው ሰዎች ስልክ ላይ ግን እንደተጫነ ይቀራል። ይሄን የትኛውንም ዴቨሎፐር ብትጠይቁት «አውቃለሁ» ይላችኋል። የመመለሻ ዕቅድህን አሳየን ስትሉት ግን ብዙ ጊዜ የምታገኙት «ችግር ካለ ወደ ድሮው እንመልሰዋለን» የምትል አንድ መስመር ናት። እኛም ዘንድ የነበረችው እሷው ነች። የጻፍኳት እኔ እንዳልሆንኩ ግን ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

የተለመደውን በአጭሩ ልለፈው። መጀመሪያ «Internal testing» ላይ ለባልደረቦች፣ ቀጥሎ «Closed testing» ላይ ለፈቃደኛ ደንበኞች፣ ከዚያ ለሁሉም በ1%፣ በ10%፣ በ50% እያሉ መሄድ ነው። አፕ ስቶር ላይ ደረጃው አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ በ7 ቀን ከ1% ተነስቶ 100% ይደርሳል። ማቆም ይቻላል፤ ራሱ ስቶር ገብቶ አፕዴት የሚያደርግ ሰው ግን ተራ አይጠብቅም። ይሄን ማዋቀር የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። አፓችን ሰዎች ገቢና ወጪያቸውን የሚመዘግቡበት ነው። ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል፤ ዳታውን ስልኩ ላይ ያስቀምጥና ኔትወርክ ሲገኝ ወደ ሰርቨር ይልካል። ቨርዥን 42 ሲጠቀምበት የነበረው የስልኩ ዳታቤዝ ቁጥሩ 8 ነበር። ቨርዥን 43 ላይ ሰንጠረዡን ቀየርንና ዳታቤዙ 9 ሆነ። የለውጡ ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ቀን የሚጻፍበት ቦታ ከዚህ በኋላ ባዶ መሆን አይችልም።

ቤታ ላይ አንድም ሰው አልተቸገረም። ምክንያቱን የገባኝ በኋላ ነው። ለቤታ የሚመዘገብ ሰው አፕዴት ወዳጅ ነው። አዲስ ቨርዥን በወጣ ቁጥር ወዲያው ይጭናል፤ ስልኩም ደህና ስልክ ነው። የድሮው ቨርዥን 38 ደግሞ ቀን ሳይሞላ መመዝገብ ይፈቅድ ነበር። ከዚያ ዘመን የቀረ ባዶ ቀን ያለው መዝገብ የተገኘው አፑን ለረጅም ጊዜ በተጠቀሙና አፕዴት እምብዛም በማያደርጉ ሰዎች ስልክ ላይ ነው። እነሱ ደግሞ ቤታ የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቁም።

1% ላይም ዝም አለ። ተጠቃሚዎቻችን ወደ 20,000 ነበሩ እንበል፤ 1% ማለት 200 ስልክ ነው። ከእነሱ ውስጥ አፕዴቱ ወርዶላቸው አፑን የከፈቱት 100 ቢሆኑ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ስሌት አለ። 100 ሰው ሞክሮ አንድም ካልተበላሸ፣ የብልሽቱ መጠን እስከ 3% ሊደርስ እንደሚችል ቁጠሩት። 3ን ለሞካሪዎቹ ቁጥር ማካፈል ብቻ ነው። 3% ከ20,000 ውስጥ 600 ሰው ነው። ስለዚህ «1% ላይ ሰላም ነው» የሚለው ሪፖርት ትልልቅ ባጎች የሉም ከማለት አያልፍም። የእኛው ባግ ያለበት ስልክ ከመቶ አንድ ግድም ስለነበር በመጀመሪያው ዙር ሾልኮ ማለፉ አይገርምም።

10% ላይ ስንደርስ ክራሹ መጣ። መልእክቱ ይሄ ነበር፦

```
NOT NULL constraint failed: entries.date
```

ማይግሬሽኑ የድሮውን መዝገብ ወደ አዲሱ ሰንጠረዥ ሊገለብጥ ሲል ባዶ ቀን ያገኝና ይወድቃል። አፑ ገና ሲከፈት ይዘጋል፤ ደግመው ሲከፍቱት ያው ነው። አስቆምነው። እስከዚህ ድረስ ደረጃው ሥራውን ሠርቷል፤ 90% የሚሆነው ሰው ምንም ሳያውቅ ተርፏል። ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይሄን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

ኃላፊያችን «በሉ ወደ 42 መልሱት» አለ። ጉግል ፕሌይ ወደ ታች መመለስ አይፈቅድም፤ አዲስ የሚጫን ነገር ሁሉ `versionCode` ቁጥሩ ካለው የበለጠ መሆን አለበት። ስለዚህ የ42ን ኮድ ወስደን 44 ብለን ስም ሰጠነው። እኔ 43 ባለበት ስልክ ላይ ጭኜ ልየው፣ ጥቂት ደቂቃ ስጡኝ አልኩ። «ወራት የሠራ ኮድ ምኑ ይሞከራል?» ተባልኩ። ደረጃም አያስፈልገውም ተባለ፤ በአንዴ ለ100%። እስከ ዛሬ ይሄ ነገር ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

የሆነውን ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ። አንድሮይድ ላይ `SQLiteOpenHelper` ማይግሬሽኑን የሚያካሂደው በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ነው። መሃል ላይ ከወደቀ የተጀመረው ሁሉ ተሰርዞ ዳታቤዙ እንደነበረው ይቆያል። ስለዚህ 43 ላይ ክራሽ ያደረገባቸው ሰዎች ዳታቤዝ አሁንም 8 ነው። 44 ሲመጣላቸው ተፈወሱ። 43 በሰላም የገባላቸው ሰዎች ዳታቤዝ ግን 9 ሆኗል። የ44 ኮድ ደግሞ የሚያውቀው 8ን ብቻ ነው። ሲከፍቱት ይሄ መጣ፦

```
Can't downgrade database from version 9 to 8
```

ማለትም መድኃኒት ብለን የላክነው ጥቂቶቹን ታማሚዎች አዳነና ጤነኞቹን በሙሉ ጣለ። ከመቶ አንዱን ለማዳን ዘጠና ዘጠኙን ማለት ነው። ጥቂት ደቂቃ ቢሰጠኝ ኖሮ ይሄ በአንድ ስልክና በሦስት ትእዛዝ ይታይ ነበር፦

```
adb install v38.apk
adb install -r v43.apk
adb install -r v44.apk
```

በእያንዳንዱ መሃል አፑን ከፍቶ ትንሽ ዳታ መመዝገብ ብቻ ነው የሚጨመርበት። አንዴ 38 ላይ ቀን የሌለው መዝገብ አስገብቶ፣ ከዚያ አፑን አጥፍቶ እንደገና ቀን በሞላ መዝገብ ብቻ ቢሞከር የመጀመሪያውን ባግም፣ ሁለተኛውን አደጋም ያጋልጣቸው ነበር። አሁን ከየትኛውም ቤታ በፊት የማደርገው ይሄን ነው። ያውም ቀን የሌለው፣ ስም የሌለው፣ ዝብርቅርቅ ያለ መዝገብ አስገብቼ።

በዚህ ላይ ደግሞ የደንበኞች አገልግሎት ክፍሉ ሳይጠይቀን መፍትሔ አገኘ። ለሚደውል ሁሉ «አፑን አጥፍተው እንደገና ይጫኑት» ማለት ጀመረ። አዎ፣ ይከፈታል። ወደ ሰርቨር ያልተላከው መዝገብ ግን አብሮ ይጠፋል። ክራሹን 45 ላይ አስተካክለን አበቃን፤ በዚህ መንገድ የጠፋውን ዳታ ግን ማንም ሊመልሰው አልቻለም። ከሁሉም በላይ ያበገነኝ ይሄ ነው። አንድ ሴትዮ ኔትወርክ በሌለበት ቦታ የመዘገቡትን ሁሉ እንደታዘዙት አጥፍተው እንደገና ጫኑ። ከዚያ ደውለው «ታዲያ የእኔ ሒሳብ የት ሄደ ልጄ?» አሉ። ምን ይባላል?

ከዚያ ወዲህ ዳታቤዝ የሚነካ ለውጥን በአንድ አፕዴት አልጨርስም። በመጀመሪያው አፕዴት አዲሱ ቦታ ይጨመራል፣ አሮጌው አይነካም፤ አፑ ሁለቱም ላይ ይጽፋል፣ የሚያነበው ግን ከአሮጌው ነው። በሁለተኛው አፕዴት ከአዲሱ ማንበብ ይጀምራል። አሮጌው የሚወገደው ሁለተኛው ለሁሉም ደርሶ ከተረጋጋ በኋላ ነው። ይሄ መንገድ ቀርፋፋ ነው፤ ትርፉ ግን ከሁለተኛው ወደ መጀመሪያው ስትመለሱ የዳታቤዙ ቁጥር አለመቀየሩ ነው። ምንም የሚወርድ ነገር የለም።

«ሁሉንም ከፊቸር ፍላግ ጀርባ አድርጉት፣ ከሰርቨር ታጠፉታላችሁ» የሚል ምክር በየቦታው ትሰማላችሁ። ለስክሪንና ለአዲስ ገጽታ ጥሩ ነው። አፑ ሲከፈት ወዲያው የሚሞት ከሆነ ግን ፍላጉን ከሰርቨር ለማንበብ ዕድሜ የለውም። ደግሞም ፍላጉ ራሱ በደረጃ ካልተለቀቀ ዋጋ የለውም። በ2024 ሐምሌ 19 (እ.ኤ.አ.) የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያው ክራውድስትራይክ ያደረሰውን አደጋ አስታውሱ። ያለ ደረጃ በአንዴ የተላከው አዲስ ፕሮግራም ሳይሆን ትንሽ የይዘት ፋይል ነበር። ደንበኞች «አዲስ ቨርዥን አንድ ደረጃ ዘግይቶ ይድረሰን» ብለው ያስቀመጡት ምርጫ እንዲህ ያለውን ፋይል አይመለከትም ነበር። ኩባንያው ፋይሉን በ78 ደቂቃ ውስጥ መልሶ ሳበው። ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ተነክተዋል። ብዙዎቹ መነሳት ስላቃታቸው የተስተካከለውን መቀበል አልቻሉም፤ ሰው እየዞረ አንድ በአንድ ማስተካከል ነበረበት።

ሌላው፣ ቁጥሩን ስታዩ በቨርዥን ለዩት። 10% ላይ ያለን ችግር በጠቅላላው የክራሽ ግራፍ ላይ ብትፈልጉት 90% የሚሆነው ጤነኛ ሰው ይሸፍንባችኋል። ብዙ የክራሽ መዝጋቢዎች ደግሞ ሪፖርቱን የሚልኩት አፑ በሚቀጥለው ጊዜ ሲከፈት ነው። ሲከፈት የሚሞት አፕ ሪፖርቱን ሳይልክ ሊቀር ይችላል፤ ሰውየውም ተናዶ ያጠፋዋል። ስለዚህ ከስልኩ ሲስተም የሚመጣውን የ«Android vitals» ቁጥር ጎን ለጎን እዩት። ቤታ ሞካሪ አብዙ የሚል አለ። እኔ የምለው፣ አፕዴት የማያደርጉ አምስት ሰዎችን ፈልጉ፤ ስልካቸው ያረጀና ስቶሬጁ የሞላ ቢሆን ይመረጣል።

አሁን የመመለሻው ቨርዥን የሚዘጋጀው ከዋናው በፊት ነው። ጠባዩ የአሮጌው ነው፤ የዳታቤዝ ቁጥሩ ግን የአዲሱ፣ `versionCode` ደግሞ ከአዲሱ በአንድ የሚበልጥ። ዋናውን ከመልቀቃችን በፊት በላዩ ላይ ተጭኖ ይሞከራል፤ ካስፈለገም በ1% ይጀምራል እንጂ በአንዴ ለሁሉም አይሄድም። ለደንበኞች አገልግሎትም «አጥፍታችሁ ጫኑ» እንዳይሉ የሚከለክል አንድ ገጽ አብሮ ይላካል። ይሄ ሁሉ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ኃላፊያችን ዛሬም «የማይለቀቅ ነገር ለምን ትሠራላችሁ?» ይላል።