የሱቁን 10ኛ ዓመት ማስታወቂያ ከሽሮ የጀመርኩት ለምን ነበር

ለአንድ የባልትና ሱቅ የ10ኛ ዓመት ማስታወቂያ ስጽፍ የመጀመሪያው ረቂቄ «ላለፉት 10 ዓመታት በጥራትና በታማኝነት ስናገለግላችሁ ቆይተናል» ይል ነበር። የሱቁን ስም አውጥቼ በጎረቤቱ የሞባይል መለዋወጫ ቤት ስም ተካሁት፤ ምንም አልጎደለውም። ስለዚህ ጣልኩት። ስም ተቀይሮለት የሚቆም ዓረፍተ ነገር የሱቁ ታሪክ አይደለም።

ባለሱቋን እንደ አዲስ ስጠይቃት «እንዴት ጀመርሽ?» አላልኩም፤ እንደዚያ ሲጠየቅ ሰው የሚመልሰው ምስጋና ነው። «በከፈትሽበት ቀን መደርደሪያው ላይ ምን ነበር? ስንት ኪሎ? በስንት ቀን አለቀ? ሁለተኛውን ዕቃ ማን አስመጣሽ?» አልኳት። መልሱ ምጥን ሽሮ፣ 20 ኪሎ፣ በ9 ቀን ሆነ። በርበሬው የመጣው ደንበኞች ስለጠየቁ ነው። ስጦታው ምን እንደሚሆን የወሰንኩት ያን ጊዜ ነው፤ ያችኑ ሽሮ። ታሪኩና ስጦታው ለየብቻ ሲሆኑ አንባቢ ታሪኩን ዘሎ ቅናሹን ብቻ ይፈልጋል።

እሷ 10 በመቶ ቅናሽ አስባ ነበር። ሂሳቡን አብረን ሠራን። ከ1000 ብር ግዢ ላይ 10 በመቶ ሲቀነስ ሱቁ 100 ብር ያጣል። ሩብ ኪሎ ሽሮ መሸጫው 100 ብር ነው፤ ከነማስፈጫውና ከነማሸጊያው ግን የሚያስወጣት 65 ብር ነው። ደንበኛው የ100 ብር ዕቃ ይዞ ይሄዳል፣ ከሱቁ የሚወጣው 65 ብር ነው። ደግሞም ቅናሽ ጣሪያ የለውም፤ 40 ኪሎ ሽሮ ግን 160 እሽግ ነው፣ ወጪውም ከ10,400 ብር አያልፍም። ስጦታው ከ1000 ብር ግዢ ጀምሮ ይሁን ያልነው የወሩ ደረሰኞች አማካይ 750 ብር ገደማ ስለነበር ነው። 700 ብንል ለማንኛውም ሊገዛ ለመጣው መስጠት ይሆናል፤ 2000 ብንል ደግሞ ማንም አይሞክረውም።

ጽሑፉ እንዲህ ወጣ፦

«ስንከፍት መደርደሪያችን ላይ የነበረው ምጥን ሽሮ ብቻ ነው። 20 ኪሎው በ9 ቀን አለቀ። በርበሬው ኋላ የመጣው «ሽሮ የመጠነ እጅ በርበሬም ይደልዝልን» ስላላችሁን ነው። ዘንድሮ 10 ዓመት ሞላን። ከሐሙስ ጥር 28 እስከ ቅዳሜ ጥር 30፣ 1000 ብርና ከዚያ በላይ ለሸመተ ሁሉ ያችኑ ሽሮ ሩብ ኪሎ እንሰጣለን። ያዘጋጀነው 160 እሽግ ነው።»

ቀኑን የመረጥነው ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲቃረብ፣ ሽሮ በየቤቱ በሚፈለግበት ሰሞን ነው። የሳምንቱን ቀን ከነቁጥሩ ያስገባሁት ደግሞ ስልኩን በፈረንጅ አቆጣጠር የሚያይ ሰው «28» ሲል ሌላ ወር እንዳያስብ ነው።

በቴሌግራም ጽሑፉን ከፎቶ ጋር ለቀቅነው፤ ከፎቶ ስር 1024 ፊደል ስለሚፈቀድ ሙሉው ገባ። አጭር የጽሑፍ መልእክት ግን ሌላ ነገር ነው። በላቲን ፊደል አንዱ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፣ በግዕዝ ፊደል ግን 70 ብቻ፤ 71ኛው ሲገባ የሁለት መልእክት ዋጋ ይቆጠራል። ክፍት ቦታውም አራት ነጥቡም ይቆጠራሉ። ስለዚህ ታሪኩን ለቴሌግራሙና በር ላይ ለተለጠፈው ወረቀት ትቼ ይህን ላክን፦ «ባልትናችን 10 ዓመት ሞላው። ከ1000 ብር ግዢ ጋር ሩብ ኪሎ ምጥን ሽሮ በነፃ። ጥር 28-30።» 61 ፊደል ነው። በ«ባልትናችን» ቦታ የሱቁን ስም ለማስገባት በቂ ቦታ ይተርፋል።

ስህተቴ «ሁሉ» የምትለዋ ቃል ነበረች። «ለሸመተ ሁሉ» ብዬ ቃል ገብቼ ከስሩ 160 እሽግ ብቻ አልኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ሽሮው ሲያልቅ ሰው የሚያነብልን የላይኛውን ነበር፤ እውነትም አለው። ባለሱቋ ለቀሩት በማህተም ካርድ ጻፈችላቸው፣ ከጾሙ በፊት መጥተው ወሰዱ፤ የ10,400 ብሩ ጣሪያ ግን ፈረሰ። መጻፍ የነበረብኝ «ለመጀመሪያዎቹ 160 ሸማቾች» ነበር፤ ከዚያም በየምሽቱ ስንት እሽግ እንደቀረ ቴሌግራሙ ላይ ማስታወቅ።

ሌላም ያልጻፍኩት ነበር። 3000 ብር የገዛ ሰው ሦስት እሽግ ጠየቀ። አሁን «በአንድ ደረሰኝ አንድ እሽግ» ብዬ እጽፋለሁ። ደረሰኙን ለሦስት ክፈሉልኝ የሚል ይመጣ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሰጥቶ መሸኘት ነው፣ ሰልፍ ቆሞ ባንኮኒ ላይ ክርክር ከሁለት እሽግ ሽሮ በላይ ያስከፍላል።