ኔቱን ያዘገየው ማጣሪያው አልነበረም

ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ሦስቱም ልጆቼ ቤት ዋሉ። ሐዋሳ ላይ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ከያዘ ወደ ሐይቁ መውጣት የለም፤ ሁሉም ስልኩን ይዞ ሶፋ ላይ ነው። ትንሹ ስምንት ዓመቱ ነው። አንድ ቀን የካርቱን ስም ሲፈልግ ማየት የሌለበት ነገር ወጣበት። ደንግጦ ስልኩን በፊቱ ደፋው። ምን እንዳየ ሳልጠይቀው ገባኝ። በዚያው ማታ የቤቱን ዲኤንኤስ ቀየርኩ።

ዲኤንኤስ የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚፈታ አገልግሎት ነው። የቤተሰብ ዲኤንኤስ የሚባሉት ደግሞ የተጠየቁት ስም ከተከለከሉት ዝርዝር ውስጥ ከሆነ እውነተኛውን አድራሻ አይሰጡም። በነፃ የሚሠሩ ብዙ አሉ። እኔ መጀመሪያ ክሊንብራውዚንግ የተባለውን መረጥኩ። ራውተሩ ለቤቱ ስልኮች ዲኤንኤስ የሚያድልበት ገጽ ላይ ሁለት ሳጥን አለ። በአንደኛው 185.228.168.168 ጻፍኩ። በሁለተኛው፣ አንደኛው ቢጠፋ ለመጠባበቂያ ይሁን ብዬ፣ የጉግልን 8.8.8.8 ጻፍኩ። ትልቁ ስህተቴ ይህ ነበር።

ለሁለት ቀን የተስተካከለ መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ግን አንዱ ስልክ ላይ የተዘጋ ገጽ ሌላው ላይ ሲከፈት አየሁ። ያው ስልክ ጠዋት ከልክሎ ማታ የሚከፍትበት ጊዜም ነበር። ሁለተኛው ሳጥን መጠባበቂያ ነው ብለን እናስባለን እንጂ ብዙ ዕቃዎች እንደዚያ አይረዱትም። አንዳንዱ ሁለቱንም ይጠይቃል፤ አንዳንዱ አንደኛው ትንሽ ሲዘገይበት ወደ ሁለተኛው ይዞርና እዚያው ይቀራል። ማጣሪያ የሌለው ዲኤንኤስ ሁለተኛው ሳጥን ውስጥ ካለ፣ በሩን ቆልፎ መስኮቱን እንደመክፈት ነው።

ነገሩን ያረጋገጥኩት በአሳሽ ሳይሆን ዲኤንኤሱን ራሱን በመጠየቅ ነው። አሳሽ የቆየ መልስ ስለሚያስታውስ ያሳስታል። ስልኬ ላይ ተርመክስ የሚባለውን መተግበሪያ ጭኜ `pkg install dnsutils` ብዬ `dig` የተባለውን ትእዛዝ አስገባሁ። ይህ የቤተሰብ ማጣሪያ ሬዲት የተባለውን የውይይት ድረ ገጽ ጥሩና መጥፎ የተቀላቀለበት ነው ብሎ ስለሚዘጋ ለፈተና የመረጥኩት እሱን ነው፦

```
dig @185.228.168.168 reddit.com
dig @8.8.8.8 reddit.com
```

የመጀመሪያው መልስ ላይ `status: NXDOMAIN` ይላል፤ እንዲህ ያለ ስም የለም ማለት ነው። ሁለተኛው `status: NOERROR` ብሎ አድራሻውን ይሰጣል። ያው ስም፣ ያው ደቂቃ፣ ሁለት መልስ። እንዲህ ከሆነ ገጹን የዘጋው ማጣሪያው ነው። ሁለቱም አድራሻ ከሰጡና ገጹ አሁንም ካልከፈተ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ ማጣሪያውን መውቀስ አያስፈልግም። ሁሉም አገልግሎት ግን በአንድ ዓይነት መንገድ አይዘጋም። የክላውድፍሌር የቤተሰብ አድራሻ 1.1.1.3 ስሙ የለም አይልም፤ በአድራሻ ፋንታ 0.0.0.0 ይሰጣል። ለዚህ ራሱ ክላውድፍሌር ያዘጋጀው የመፈተኛ ስም ስላለ መጥፎ ገጽ መክፈት አያስፈልግም፦

```
dig @1.1.1.3 nudity.testcategory.com
```

ሁለተኛውን ሳጥን ወደ ራሱ የማጣሪያው ሁለተኛ አድራሻ፣ ወደ 185.228.169.168 ቀየርኩት። ቀዳዳው ተደፈነ። ግን ሌላ ጣጣ መጣ።

«አባዬ፣ ዛሬም ኔቱ ሞቷል» አለችኝ ትልቋ ልጄ። እውነቷን ነው። ገጹ ሲነካ ለአፍታ ምንም አይሆንም፤ ነጭ ሆኖ ይቆያል፤ ከዚያ ድንገት ይመጣል። እኔም ጎረቤቴም ያመንነው ማጣሪያው እያንዳንዱን ገጽ ሲመረምር ነው የሚዘገየው ብለን ነበር። ማመን ብቻውን አይበቃም ብዬ ልለካው ተቀመጥኩ።

`dig` መልሱን ሲሰጥ ከታች `Query time` የሚል መስመር አለ፤ መልሱ የፈጀውን ጊዜ በሚሊሰከንድ ይነግራል። አንድ ሺህ ሚሊሰከንድ አንድ ሰከንድ ነው። ስሙን ሁለት ጊዜ ጠየቅኩ። የመጀመሪያው 340 ሆነ፣ ሁለተኛው 171። የመጀመሪያው ለምን እንደሚበዛ መረዳት ጠቃሚ ነው። ዲኤንኤሱ መልሱን ገና ስላልያዘ እሱም ሄዶ ሌላ ይጠይቃል። ሁለተኛው ጊዜ ግን መልሱ እጁ ላይ ነው። ስለዚህ ለማወዳደር የሚበጀው ሁለተኛውና ሦስተኛው ቁጥር ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ «ይህ ቀርፋፋ ነው» ማለት ያሳስታል።

ቀጥዬ የመንገዱን ርቀት ለየብቻ ለካሁ፦

```
ping -c 10 185.228.168.168
```

አማካዩ 168 መጣ። ይህን ሳይ ነው ነገሩ የገባኝ። ከ171ዱ 168ቱ የመሄጃና የመመለሻ መንገድ ነው። ለማጣሪያው ሥራ የቀረው ሦስት ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ስምን ከዝርዝር ጋር ማመሳከር ለኮምፒውተር ምንም አይደለም። የሚያዘገየው ጥያቄያችን ከሐዋሳ ተነስቶ ከአገር ወጥቶ መመለሱ ነው። የኢንተርኔት አቅራቢው የራሱ ዲኤንኤስ በእኔ ቤት 9 ሚሊሰከንድ ነበር የሚፈጀው፤ ልዩነቱ ከዚያ መጣ።

አንድ ገጽ ደግሞ አንድ ስም ብቻ አይጠይቅም። ፎቶው ከአንዱ፣ የፊደሉ ቅርጽ ከሌላው፣ ማስታወቂያው ከሦስተኛው ይመጣል። ብዙ ጊዜ አንዱ ስም ሳይፈታ ቀጣዩ ስለማይታወቅ መዘግየቱ እየተደራረበ ይሄዳል። የገጹ ስሞች ሁሉ ከተፈቱ በኋላ ግን ዲኤንኤስ ከጨዋታው ይወጣል። ቪዲዮው መሐል ላይ እየተቆራረጠ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

መፍትሔው ራውተሩ ውስጥ ነበር። ማጣሪያውን የጻፍኩት ለስልኮች በሚታደልበት ገጽ ስለነበር እያንዳንዱ ስልክ በየራሱ ባሕር ማዶ ድረስ ይጠይቅ ነበር። ከዚያ አጠፋሁትና ራውተሩ ራሱ ከውጭ ጋር በሚገናኝበት ገጽ ላይ ጻፍኩት። አሁን ስልኮቹ ራውተሩን ይጠይቃሉ፤ ራውተሩ አንዴ ያመጣውን መልስ ይዞ ይቆያል። በራውተሬ አድራሻ `dig @192.168.1.1` ብዬ አንድን ስም ሁለቴ ስጠይቅ የመጀመሪያው እንደ ድሮው ሆነ፣ ሁለተኛው ግን 3 ሚሊሰከንድ። ልጄ የጠየቀችውን ስም ወንድሟ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሲጠይቅ ከአገር አይወጣም፤ የመልሱ ዕድሜ ካለቀ ግን ራውተሩ እንደገና ወደ ውጭ ይጠይቃል። መልስ የማይዙ ራውተሮች አሉ፤ ሁለተኛው ቁጥር ካልወረደ የእርስዎ ከእነሱ ነው።

እዚያው ሳለሁ ሌሎቹንም በዚያው መንገድ ለካሁ። እኔ ቤት 1.1.1.3 ወደ 60 ሚሊሰከንድ ሆነ፤ ዛሬ የምጠቀመው እሱንና ሁለተኛውን 1.0.0.3 ነው። ይህ ቁጥር የእኔ ቤት፣ የእኔ መስመር ነው። አዳማ ያለ ሰው፣ ወይም እዚሁ ሐዋሳ በሌላ መስመር የሚጠቀም ሰው፣ ሌላ ቁጥር ሊያገኝ ይችላል። ከሰው ቁጥር መዋስ አይሠራም። ጠዋትና ማታ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ቤት በሚገባበት ጊዜ፣ መለካት ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ገና ክሊንብራውዚንግ ላይ ሳለሁ፣ ባለቤቴ አንድ ምሽት መጣች። መዝሙር ከፍታ ነበር። «ስማ እንጂ፣ ኮሜንቱ የት ገባ?» ቪዲዮው ይጫወታል፤ ከሥሩ አስተያየት የለም። ዩቲዩብ ተበላሸ ብለን መተግበሪያውን አጥፍተን እንደገና ጫንን። ለውጥ የለም። በኋላ `www.youtube.com`ን በማጣሪያውም በጉግልም ስጠይቅ አድራሻው ለየቅል ነበር። ጉግል ለተገደበ ዩቲዩብ የለያቸው አድራሻዎች አሉ፦ 216.239.38.120 ጥብቁ፣ 216.239.38.119 መለስ ያለው። ከእነዚህ አንዱን ካዩ ማጣሪያው ዩቲዩብን አልዘጋውም፤ ወደ ተገደበው በር ነው የመራው። በዚያ በር ሲገቡ አስተያየት ይደበቃል፤ ምንም ነውር የሌለባቸው አንዳንድ ቪዲዮዎችም ይጠፋሉ። ይህ መዘጋት ስለማይመስል ሰው ለቀናት ይደክማል።

ለባለቤቴ ስልኳ ላይ Private DNS የሚለው ቅንብር ውስጥ ገብቼ `dns.google` ጻፍኩላት። ይህ ቅንብር ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ አለ። ስልኩ ራውተሩን መጠየቁን ትቶ በቀጥታ፣ በተመሰጠረ መንገድ፣ ጉግልን ይጠይቃል። ኮሜንቱ ተመለሰ። እኔ ግን ዝም ብዬ ቆምኩ። እሷ በአንድ ደቂቃ ያለፈችውን ማጣሪያ የአሥራ አራት ዓመቷ ልጄም በአንድ ደቂቃ ማለፍ ትችላለች። ክሮምም ውስጥ Secure DNS የሚል ተመሳሳይ ነገር አለ።

ያንኑ ቅንብር ለእኛው አዋልኩት። የልጆቹ ስልክ ላይ `family.cloudflare-dns.com` ጻፍኩ። ጥቅሙ ከቤት ሲወጡ፣ ካርድ ሞልተው በሞባይል ዳታ ሲጠቀሙም ማጣሪያው አብሯቸው ነው፤ የራውተሩ ግን ከግቢው በር አያልፍም። ጉዳቱ፣ አንዳንድ ሆቴልና ካፌ ዋይፋይ ላይ መግቢያ ገጹ አይመጣም። ያን ጊዜ ለጊዜው ማጥፋት፣ ገብቶ መልሶ ማብራት ነው። ልጅ ግን ማጥፋቱን እንጂ መመለሱን ይረሳል፤ ስለዚህ እሁድ እሁድ ስልኮቹን ተቀብዬ፣ የራውተሩ ማጣሪያ እንዳያሳስተኝ ዋይፋዩን አጥፍቼ፣ በሞባይል ዳታ የመፈተኛውን ስም እከፍታለሁ። ከተከፈተ አንድ ሰው ነክቶታል።

ማጣሪያው ጨርሶ የማይደርስበት ቦታ አለ። ዲኤንኤስ የሚያየው ስም ብቻ ነው። ቴሌግራም ከተከፈተ በውስጡ ያለው ቻናል ጥሩም ይሁን መጥፎ ለእሱ አንድ ነው፤ መርጦ መዝጋት አይችልም። ትልቋን ልጄን «ያለሽበትን ቻናል አብረን እንየው» አልኳት። አኮረፈች። በማግስቱ እራት ከበላን በኋላ ራሷ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እያሳለፍን አንድ በአንድ አየናቸው። ሁለቱን ራሷ አጠፋቻቸው፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።