ከኮን ታንከር ውሃ የማውጣት ስሌት፦ ያስቸገረኝ ርቀቱ ነበር

በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ካልኩለስ ከገጠሙኝ ጥያቄዎች እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይህ ነው። ሾጣጣ ጫፉ ወደ ታች የሆነ የኮን ቅርጽ ታንከር አለ፤ ቁመቱ 4 ሜትር፣ የአፉ ራዲየስ 2 ሜትር ነው። ውሃው የደረሰው ግን እስከ 3 ሜትር ብቻ ነው። ሁሉንም በታንከሩ አፍ ለማውጣት ምን ያህል ሥራ ያስፈልጋል?

የታችኛው ውሃ ከላይኛው የበለጠ ርቀት ስለሚጓዝ ጠቅላላውን ክብደት በአንድ ርቀት ማባዛት አይበቃም፤ ስለዚህ ውሃው በአግድም ወደ ስስ ንብርብሮች ይከፈላል። ከጫፉ y ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኘው ንብርብር ራዲየሱ በጎነ ሦስቶች ተመሳሳይነት y/2 ነው። የአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ክብደት 9,800 ኒውተን በመሆኑ የንብርብሩ ክብደት 2,450πy² dy ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ችግር አልነበረም።

ችግሩ የመጣው ከተሰጠን ሃንድአውት ነው። ρg የአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ክብደት፣ A(y) ደግሞ የንብርብሩ ስፋት ሆኖ ቀመሩን እንዲህ አስቀምጦታል፦

W = ∫₀ʰ ρgA(y)(h − y) dy

ይህ ቀመር የሚሠራው ታንከሩ እስከ አፉ ሲሞላ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ላይኛው h የውሃው ከፍታ ሲሆን በቅንፍ ውስጥ ያለው h ደግሞ ውሃው የሚወጣበት ከፍታ ነው። ሁለቱን በአንድ ፊደል የጻፈው ሰው ስንት ተማሪ እንዳሳሳተ አያውቅም። በሁለቱም ቦታ 3 ሲገባ 51,954 ጁል ይገኛል፤ ይህም ውሃውን እስከ ራሱ ገጽ ብቻ የሚያደርስ ሥራ ነው። በሁለቱም ቦታ 4 ሲገባ ደግሞ 164,201 ጁል ይመጣል፤ ይህም የሌለ ውሃ መቅዳት ነው። ትክክለኛው የሚከተለው ነው፦

W = 2450π ∫₀³ y²(4 − y) dy = 2450π(36 − 20.25) ≈ 121,226 ጁል

የመጀመሪያው መልስ ስህተት መሆኑን ኢንተግራሉን ሳይደግሙ ማወቅ ይቻላል። የውሃው ይዘት 2.25π ሜትር ኩብ፣ ክብደቱም ወደ 69,272 ኒውተን ነው። እያንዳንዱ ጠብታ ቢያንስ 1 ሜትር ስለሚወጣ ሥራው ከ69,272 ጁል ሊያንስ አይችልም። ከዚህ የተሻለው ማረጋገጫ የክብደት ማዕከሉ ነው፦ በኮን ውስጥ ከጫፉ የቁመቱ ሦስት አራተኛ ላይ፣ ማለትም እዚህ 2.25 ሜትር ላይ ይገኛል። ስለዚህ በአማካይ የሚወጣው 1.75 ሜትር ነው፤ በክብደቱ ሲባዛ ያው 121,226 ጁል ይሰጣል። ይህን ማረጋገጫ በክፍል ውስጥ ማንም አላነሳውም።

መምህራችን መነሻውን ከታንከሩ አፍ ጀምረን ወደ ታች እንድንለካ ይመክሩን ነበር፤ ርቀቱ y ብቻ ሆኖ ይቀልላልና። ለኮን ግን አልስማማም፤ ያን ጊዜ ራዲየሱ (4 − y)/2 ይሆንና ካሬው ስሌቱን ያረዝመዋል። በጫማና በፓውንድ የተጻፉ የአሜሪካ መጻሕፍት የሚጠቀሙበት 62.4 ራሱ የአንድ ጫማ ኩብ ውሃ ክብደት በፓውንድ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ በg እንደገና አይባዛም።

ቱቦው ከአፉ 1 ሜትር ከፍ ብሎ የሚያፈስ ከሆነ በቅንፍ ውስጥ ያለው 5 − y ይሆናል፤ የኢንተግራሉ ላይኛ ወሰን ግን 3 እንደሆነ ይቀራል፣ ሥራውም በ69,272 ጁል ብቻ ይጨምራል።