የፈንግል ቫይረስ ሴል ላይ ሲጣበቅ በዓይን ያየንበት ሙከራ

የፈንግል ክትባት ይዤ በኮምቦልቻ ዙሪያ ስዞር አንድ ጥያቄ ሁሌም ይጠብቀኛል። «ዶክተር፣ ክትባቱም በሕይወት ያለ ቫይረስ ነው ብላችሁናል። ታዲያ በሽታው ዶሮዬን ሲፈጅ ይሄኛው ለምን አይገድላትም?» ደህና ጥያቄ ነው። መልሱ ቫይረሱ ሴል ውስጥ በሚሠራው ሥራ ላይ ነው ያለው። የሥራው መጀመሪያ፣ ማለትም መጣበቁ፣ ያለ ማይክሮስኮፕ ስለሚታይ ለተለማማጆቻችን በሙከራ ላሳያቸው ወሰንኩ።

የተጠቀምኩት ላ ሶታ የተባለውን የክትባት ዝርያ ነው። ከዶሮ ክንፍ ሥር ደም ቀድቼ ቀይ የደም ሴሎቹን ፒቢኤስ በሚባለው የጨው ውህድ 3 ጊዜ አጠብኩ። ማጠቡን የሚንቁ አሉ፤ እኔ አልንቀውም። የተከተበች ዶሮ ደም ውስጥ አንቲቦዲ አለ። በደንብ ካልታጠበ አንቲቦዲው ቫይረሱ ላይ ቀድሞ ይለጠፍና መጣበቁን ያከሽፈዋል።

ከዚያ ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት ላይ ቫይረሱን በየጉድጓዱ በግማሽ እያቀጠንኩ ሄድኩ፤ 1ለ2፣ 1ለ4፣ 1ለ8 እያለ። ሁሉም ላይ 1 በመቶ የደም ሴል ጨመርኩ። አንድ ረድፍ ያለ ቫይረስ ተውኩ። 40 ደቂቃ ጠበቅን።

ቫይረስ የሌለበት ረድፍ ላይ ሴሎቹ ታች ዘቅጠው ቀይ ነጥብ ሠሩ። ፕሌቱን ስናዘነብለው ነጥቡ እንደ እንባ ወደ ታች ፈሰሰ። እስከ 6ኛው ጉድጓድ፣ ማለትም እስከ 1ለ64 ድረስ ግን ሴሎቹ ተያይዘው ተንሳፈፉ፤ ሲዘነበልም ንቅንቅ የለም። ይህ የሆነው ኤችኤን የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን የሴሉ ቆዳ ላይ ያለውን ሲያሊክ አሲድ የተባለ ስኳር ስለሚይዝ ነው። አንዱ ቫይረስ ሁለት ሴል ሲይዝ፣ ሌላውም ሲጨመርበት፣ መረብ ይሆናል። በዶሮዋ የመተንፈሻ አካል ውስጥም የሚይዘው ይህንኑ ስኳር ነው።

ብዙ ያስተማረኝ ሰዓቱ ነው። ፕሌቱን ጠረጴዛ ላይ ትተን ሻይ ጠጥተን ስንመለስ አንዳንዱ ጉድጓድ ወደ ነጥብ ተመልሶ ነበር። ተለማማጆቹ ተበላሸ አሉ። አልተበላሸም። ያው ኤችኤን ሲያሊክ አሲዱን የመቁረጥ ሥራም አለው፤ አዲስ የተወለደ ቫይረስ ከእናት ሴሉ ተላቆ የሚሄደው በዚህ ነው። ሙቀት ደግሞ ያፈጥነዋል። ደሴ ላይ ብርዱ ራሱ ያግዛል፣ ኮምቦልቻ ላይ ግን ከሞቀ ፕሌቱን 4 ዲግሪ ላይ 60 ደቂቃ ማቆየት ይሻላል።

ሙከራው ወሰን አለው። በፎርማሊን የሞተ ቫይረስም ሴል ያያይዛል። ስለዚህ ክትባቱ በሕይወት መኖሩን በዚህ መለየት አይቻልም። መግባቱንም አያሳይም፤ ቀሪውን ሰሌዳ ላይ ነው የጨረስኩት።

ኤችኤን ከተጣበቀ በኋላ ኤፍ የተባለው ሌላ ፕሮቲን የቫይረሱን ሽፋን ከሴሉ ሽፋን ጋር ያዋህደዋል። የቫይረሱ ትእዛዝ የተጻፈበት 15,000 ገደማ ፊደል ያለው አርኤንኤም ወደ ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ ችግር አለ። የቫይረሱ አርኤንኤ የተገላቢጦሽ የተጻፈ ስለሆነ ፕሮቲን የሚያመርተው የሴሉ ራይቦዞም ሊያነበው አይችልም። ዶሮዋም ይህን የሚገለብጥ ኤንዛይም የላትም። ስለዚህ ቫይረሱ የራሱን ኤንዛይም ይዞ ነው የሚገባው። ኤንዛይሙ የሚነበብ ቅጂ ያወጣል፤ ጫፉንም የሴሉ ቅጂ አስመስሎ ያበጀዋል። ራይቦዞሙ የማንን ትእዛዝ እንደሚፈጽም አይለይም። በዶሮዋ አሚኖ አሲድና ጉልበት የቫይረሱን ፕሮቲን ማምረት ይቀጥላል።

አሁን ወደ አርቢዎቹ ጥያቄ። ኤፍ ሲመረት ሥራ አይችልም፤ አንድ ቦታ ላይ መቆረጥ አለበት። የሚቆርጠውም የዶሮዋ የራሷ ኤንዛይም ነው። በላ ሶታ ላይ ያንን ቦታ የሚቆርጡት በዋናነት መተንፈሻ አካልና አንጀት ውስጥ ያሉ ኤንዛይሞች ናቸው። ስለዚህ ሌላ አካል ውስጥ ቢወለድም ቀጣዩን ሴል መክፈት አይችልም። በገዳዩ ዝርያ ላይ ግን የመቁረጫው ቦታ ጥቂት አሚኖ አሲዶች ተለውጠዋል። ይህን ደግሞ ፉሪን የተባለው ኤንዛይም ይቆርጠዋል፤ ፉሪን የሌለበት ሴል የለም ማለት ይቻላል። ቫይረሱ አንጎልም ሆነ ስፕሊን ውስጥ ተወልዶ ወዲያው ለሥራ ዝግጁ ይሆናል። አንገት የሚጠመዝዘው ፈንግል ይሄኛው ነው።

ሁለቱም ዝርያዎች ፕሌቱ ላይ የሚያሳዩት መረብ አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ የሞተ ዶሮ ናሙና ሲመጣ ሴል ማያያዙ ብቻ ገዳይ ነው አያሰኝም። የመቁረጫውን ቦታ ቅደም ተከተል ማስነበብ፣ ወይም በአንድ ቀን ጫጩት ላይ የሚደረገውን የጉዳት ምርመራ ማሠራት ያስፈልጋል።